ከጅማ ለሚነሳ መንገደኛ የማይበላሽ ስንቅ፦ ስለ ጭኮ፣ በሶና ቆሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ ልጆች ወደየዩኒቨርሲቲያቸው ሲበተኑ፣ ዘመድም ውጭ አገር ያለ ልጁን ሊጠይቅ ሲነሳ፣ ስንቅ የማዘጋጀቱ ነገር እኔ ላይ ይወድቃል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት አይለወጡም። እዚህ የሰበሰብኳቸው በብዛት የምሰማቸውን ነው። አብዛኛው መልስ ጭኮ ላይ ያተኮረ ነው፤ በጅማ ቤቶች ከጭኮ የተሻለ የመንገድ ምግብ አላየሁምና።

ለረጅም መንገድ ስንቅ ስመርጥ መጀመሪያ ምኑን ልይ?

በውስጡ ያለውን ውሃ። ምግብን የሚያበላሹት ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ውሃ ከሌለ አይራቡም። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ሙቀት ግን መበላሸትን የሚያፈጥነው ውሃ ያለበት ምግብ ላይ ነው። ደረቅ ቆሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ምንም አይሆንም። ወጥ ግን በዚያው ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አደገኛ ይሆናል።

ስለዚህ አንድን ምግብ ለመንገድ ስታስቡ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። የሚያረጥብ፣ የሚያጣብቅ፣ መረቅ የሚያወጣ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። የሚሰበር ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ቀናት ይቆያል። ማር በዚህ መለኪያ ይወድቃል፣ ግን አይበላሽም። በውስጡ ያለውን ጥቂት ውሃ ስኳሩ ስለያዘው ሕዋሳቱ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ዕድሜው አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጠውም፤ ይህን በመንገድም በቤትም አትርሱት።

ጭኮና ጭብጦ ሁለቱም በበሶ አይደለም የሚሠሩት? ለምን አንዱ ይቆያል ሌላው አይቆይም?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ የስንቅን ነገር በሙሉ ስለያዘ። ሁለቱም መነሻቸው አንድ ነው፦ ገብስ ታምሶ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። ጭብጦ በሶው በውሃና በጨው ታሽቶ በእጅ ይጨበጣል። ጭኮ ግን በሶው በነጠረ ቅቤ ይታሻል። በዓይን ስታዩአቸው ወንድምና እህት ይመስላሉ።

ጭብጦ ላይ ያፈሰሳችሁት ውሃ ግን ደረቁን ዱቄት ወደ እርጥብ ሊጥ ለውጦታል። ጠዋት የተጨበጠ ጭብጦ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ለምሳ ይደርስ ይሆናል፤ በአውቶቡስ ሙቀት ግን እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ አላምነውም። ወደ ማታ መኮምጠጥ ይጀምራል። ጭኮ ውስጥ ውሃ የለም። ቅቤው የበሶውን ቅንጣት በሙሉ ስለሸፈነው ከአየር የሚመጣ እርጥበትም በቀላሉ አይገባበትም። በደንብ የተሠራ ጭኮ ያለ ማቀዝቀዣ ሳምንታት ይቀመጣል። የገጠር አባቶች ለሩቅ መንገድ ጭኮ የሚያስይዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመንገድ የሚሆን ጭኮ እንዴት ይሠራል?

የምጠቀምበት ልክ ለአንድ ኪሎ በሶ ከ400 እስከ 500 ግራም የነጠረ ቅቤ ነው። ቤት የሚበላ ከሆነ ቅቤው ቢበዛም ጥሩ ነው። ለመንገድ ግን ወደ 400 ጠጋ በሉ፤ ቅቤ የበዛበት ጭኮ በሙቀት ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል።

ዋናው ሥራ ያለው ቅቤው ላይ ነው። ጥሬ ቅቤ ከክብደቱ ስድስት እጅ አንድ የሚሆነው ውሃ ነው። ስታነጥሩት የምትሰሙት የመንጨርጨር ድምፅ ያ ውሃ ሲወጣ ነው። ድምፁ እስኪቀንስና ላዩ ላይ የሚወጣው አረፋ ጸጥ እስኪል ድረስ ከእሳት አታውርዱት። ቀስ ባለ እሳት ይሁን፣ አለዚያ ታቹ ያራል። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ የምትጨምሩ ከሆነ ከዚያ በኋላ በሚገባ አጥልሉት። ታች የቀረው ዝቃጭና የቅመሙ ፍርፋሪ ወደ ጭኮው ከገባ ቅቤው ቶሎ ጠረን ያመጣል።

በሶውም የራሱ ፈተና አለው። ገብሱ ሲታመስ እስከ ውስጡ ካልደረቀ ዱቄቱ እርጥበት ይይዛል። እፍኝ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ዱቄቱ ተበትኖ ከወደቀ ደህና ነው፤ የእጃችሁን ቅርጽ ይዞ ከቀረ ግን እንደገና በደረቅ ምጣድ ላይ አምሱትና አቀዝቅዙት።

ከዚያ ጨውና ጥቂት ሚጥሚጣ ከበሶው ጋር ቀላቅሉ። ለብ ያለውን ቅቤ ትንሽ ትንሽ እያፈሰሳችሁ እሹት። እጃችሁና ዕቃው ፍጹም ደረቅ ይሁን። እጅ ታጥቦ ሳይደርቅ የታሸ ጭኮ ከሳምንት በኋላ ነጭ ሻጋታ ሲያወጣ አይቻለሁ። ጥቂት የውሃ ጠብታ ነበር ያን ያደረገው።

ሲያልቅ ደረቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቁት። በመሐሉ አየር እንዳይቀር በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉ። ሌሊቱን ሲያድር ይጠነክራል፤ ጠዋት በቢላዋ መቁረጥ ይቻላል።

ጊቤ በረሃ ላይ ቅቤው ቀልጦ ቢወጣስ? ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ድልድይ ሲወርድ 1,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ መስኮት ሁሉ ይከፈታል፣ የሚገባው አየር ግን እንደ ምጣድ ትንፋሽ ነው። ቅቤ ከ30 ዲግሪ አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ ስለዚህ የጭኮው ላይ ማብረቅ ወይም ታች ቅቤ መጠራቀም የሚጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ተመልሶ ይረጋል።

የሚበላሸው ልብሳችሁ ነው። ዕቃውን ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ አቁሙት። በፌስታል ጠቅልሉትና እግራችሁ ሥር ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ፖርቶ መጋላ ላይ ምግብ አትጫኑ፤ ላይ ያለው ሙቀት ከውስጡ ይብሳል፣ ዝናብ ከመጣም ያበሰብሰዋል።

ወጥ በምሳ ዕቃ ይዤ ብሄድስ? መጥፎ ጠረን ካልሸተተኝ ችግር አለው?

አለው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ራሴ የደረሰብኝ ነውና።

አንድ ጊዜ ለአዲስ አበባ መንገድ ማታ አራት ሰዓት ላይ ቀይ ወጥ ሠርቼ፣ ገና እየተነነ በምሳ ዕቃ ዘግቼው ተኛሁ። መኪናው ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ረፋዱን ወልቂጤ ስንደርስ ክዳኑን ስፈታው "ፍስስ" አለ። ጠረኑ ምንም አይልም፤ ሥጋውም መልኩ ያው ነበር። የታየኝ ነገር ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ደቃቅ አረፋዎች ብቻ ነበሩ። ራበኝ፣ በላሁ። አዲስ አበባ ሳንደርስ ሆዴ ይታመስ ጀመር፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ስህተቴ ሁለት ነበር። መጀመሪያ፣ የበሰለ እርጥብ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የእኔ ወጥ 12 ሰዓት አልፎት ነበር። ሁለተኛ፣ ትኩሱን መዝጋቴ። የምሳ ዕቃው ሙቀቱን አፍኖ ወጡን ለሰዓታት ለብ አድርጎ አቆየው፤ ለእነዚያ ሕዋሳት ከዚያ የተሻለ ቤት የለም።

ሆድ የሚያሳምሙት ብዙዎቹ ሕዋሳት የምግቡን ጠረን አይለውጡም፣ አያኮመጥጡትም። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ደግሞ ምግቡ እንደገና ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ "ሆቴል ገብቼ አሞቀዋለሁ" የሚለው አያዋጣም። ሩዝም፣ ፓስታም፣ እንቁላል ያለበት ሳንዱችም በዚሁ ሕግ ነው የሚታዩት። የተቀቀለ እንቁላል ከወደዳችሁ ጠዋት ቀቅላችሁ፣ ከነቅርፊቱ ይዛችሁ፣ ሰኮሩ ሳትደርሱ ብሉት።

ለሁለት ቀን መንገድ ለአንድ ሰው ምን ያህል ይበቃል?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ የያዘውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን ከጅማ አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ አድሮ በማግስቱ ጎጃም መንገድ ይዞ ባሕር ዳር ይገባል። ሁለት በረሃ ይሻገራል፦ ጊቤንና ዓባይን። ስንቁን ያሰብነው ሁለተኛውን በረሃ ታሳቢ አድርገን ነው። ጊቤን ያለፈ ምግብ አንድ ሌሊት አድሮ እንደገና ዓባይ ላይ ይፈተናል።

300 ግራም በሶ በ130 ግራም ቅቤ አሸንለት። ይህ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከ2,000 ካሎሪ በላይ ነው፣ ማለትም ለአንድ ጎልማሳ የአንድ ቀን ምግብ ገደማ። ስምንት ቦታ ቆረጥነው። አንድ ቁራጭ ከሻይ ጋር እስከ ምሳ ያደርሳል። ሁለት ኩባያ የገብስ ቆሎ በሁለት ትናንሽ ላስቲክ ከፈልን፤ አንዱ ለአንዱ ቀን፣ ሌላው እስከ ማግስቱ ሳይከፈት እንዲቆይ። አራት ብርቱካን ጨመርንለት። ሙዝ አልጨመርንም። ሙዝ በቦርሳ ሲጨፈለቅ ሌላውን ሁሉ ያረጥባል፤ ብርቱካን ግን ልጣጩ ማሸጊያው ነው።

ከዚያ ደረቅ በሶ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ከአንድ ማንኪያ ስኳርና ከቁንጥጫ ጨው ጋር፣ በሁለት ላስቲክ ለየብቻ ቋጠርን። ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ገዝቶ ጥቂቱን ይጠጣል፣ በሶውን በወረቀት ቀንድ አፍስሶ ይንጠዋል፣ ወዲያው ይጠጣዋል። በሶ ውሃ እስኪነካው ድረስ ለወራት ይቆያል። ውሃ ከነካው በኋላ እንደ ወተት ቁጠሩት። እናቱ ጠዋት ቤት በጥብጣ በላስቲክ ጠርሙስ ልታስይዘው ነበር፤ "ኧረ ተይ፣ ጊቤ ሳይደርስ ይፈላል!" ብያት ነው የተወችው።

ለመጀመሪያው ጠዋት ብቻ ሩብ ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልን። ዳቦ በላስቲክ ከታፈነ ያልበዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። በጨርቅ ይደርቃል፣ ግን ይበላል።

ልጁ ባሕር ዳር ሲደርስ ሁለት ቁራጭ ጭኮ ተርፎት ነበር። ለዶርም ጓደኞቹ አቀመሳቸው።

ቆሎዬ መንገድ ላይ ለምን ይለዝባል?

ሳይቀዘቅዝ ስለተቋጠረ። ከምጣድ የወረደ ቆሎ ውስጡ እንፋሎት አለ። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት ከአሥር ደቂቃ በኋላ የፌስታሉን ውስጥ እዩት፤ ደቃቅ ጠብታ ይደረድራል። ያ ጠብታ ተመልሶ ቆሎው ውስጥ ይገባል። ሰፌድ ላይ አስጥታችሁ፣ እጃችሁን መሐሉ ስትከቱ ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ጠብቁ። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ነው።

ለውዝ የምትቀላቅሉ ከሆነ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የመረረውን ልቀሙና ጣሉት። በሻጋታ የተመታ ለውዝ መቁላት የማያጠፋው መርዝ ሊኖረው ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ደግሞ በሚንገጫገጭ መኪና ቆሎም ለውዝም አትስጡ፤ ትን ሊላቸው ይችላል። ለእነሱ ጭኮ በትንሽ በትንሹ ይሻላል።

በጾም ወቅትስ?

ቅቤውን በዘይት ተክተው የሚያሹ አሉ። ይሠራል፣ ግን ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ቁራጩ ይፈረፈራል። እኔ በጾም ደረቅ በሶ፣ ቆሎና ተምር ነው የማስይዘው። በረመዳን መንገድ ላይ ለሚያፈጥርም ተምርና በላስቲክ የተቋጠረ በሶ ከሁሉም ይቀላል፤ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በአውሮፕላን ስሄድ ጭኮና ቅቤ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይቻላል?

ከጅማ አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ስለማይሞላ ስለ መበላሸት አትጨነቁ። የሚያስቸግረው ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ሲቀጥል ነው። በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽና ቅባት ነገር በአብዛኛው ከ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ መብለጥ የለበትም። ማርና ቅቤ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጭኮ ሲለሰልስ ፈታሹ እንደ ቅባት ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም በሚጫነው ሻንጣ አድርጉ፣ ለመንገድ የምትበሉትን አንድ ሁለት ቁራጭ ብቻ በእጅ ያዙ።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በሶውንም ያስብበት። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፣ ምንነቱ ካልተረጋገጠም አይገባም። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ሁሉ ዱቄት ነው። በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ።

ሌላው የመድረሻው አገር ሕግ ነው። አለመበላሸቱ ለመግባቱ ዋስትና አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ ቋንጣም ቅቤም እዚያ ይወድቃሉ፤ ቅቤ ያለበትን ጭኮም አውሮፕላን ላይ ጨርሱት። አሜሪካም ቋንጣ አይገባም። እናት ደክማ ያደረቀችውን ቋንጣ ኤርፖርት ሲጥሉት ማየት አንጀት ይበላል። ለእነዚህ አገሮች ቆሎና ዳቦ ቆሎ ላኩ፤ የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ በመግቢያ ቅጹ ላይ ሙሉ።

የታሸገው ላስቲክ አውሮፕላን ውስጥ ተነፍቶ አገኘሁት። ተበላሽቷል?

ደረቅ ምግብ ከሆነ አልተበላሸም። አውሮፕላኑ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ ጅማ ላይ የታፈነው አየር ሰፍቶ ላስቲኩን ይነፋዋል። ከመቋጠራችሁ በፊት አየሩን ጨምቃችሁ አውጡ። እርጥብ ምግብ የያዘ ዕቃ ምድር ላይ ሆኖ ከተነፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የእኔን ወጥ አስታውሱት፣ ጣሉት።

ጭኮዬ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ዓይነት ብልሽት አለው። አንዱ የቅቤው ማርጀት ነው። ስትከፍቱት የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ስትውጡት ጉሮሮን ይቧጥጣል። ይህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ብርሃንና አየር ያፈጥኑታል። ጣዕሙን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ አትብሉት።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ ይህ የሚመጣው ውሃ ከገባበት ብቻ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ የሻገተውን ቦታ ፍቃችሁ ሌላውን አትብሉ። ሥሩ ከሚታየው በላይ ገብቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ነጥቡን የምታገኙት ማንኪያው የሚገባበት ቦታ ላይ ነው፤ ሻይ ያማሰለ ማንኪያ ሳይደርቅ ተመልሶ ጭኮው ውስጥ ስለሚገባ። አሁን ጭኮውን ቆርጬ ነው የማስይዘው፤ ማንም ማንኪያ አያስገባበትም።